8,500 ብር የምትከፍለው ለጫማው ነው ወይስ ለስሙ?

የድሬ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔስ ሰሞኑን ሙቀቱን ረስቼ በሰው ጫማ ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት። ነገሩ የጀመረው በአንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ ስለጠየቀኝ ስሙን ትቼ ሐሳቡን እነሆ፦

“እድሜዬ 24 ነው። በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ቆሜ እውላለሁ። ከአምስት ወር በፊት 6,500 ብር አውጥቼ ባለ ስም ጫማ ገዛሁ። ‘ውድ ነገር አያሳፍርም’ ብዬ ነበር፤ አሳፈረኝ! እንግዳ ፊት ቆሜ ሳለሁ ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። አሁን እቁብ ደርሶኛል፤ 12,000 ብር ነው። ከዚሁ ላይ 7,000ውን ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ልከፍል ለእጮኛዬ ቃል ገብቼላታለሁ። አለቃዬ ደግሞ ስለ ጫማዬ አስጠንቅቆኛል። ያየሁት ጫማ 8,500 ብር ነው። ጓደኞቼ ‘ርካሽ ገዝተህ ከምትቆጭ ውዱን ግዛ’ ይሉኛል። እጮኛዬ ግን ‘ያኛውስ ውድ አልነበረም እንዴ?’ ብላ አኮረፈችኝ። ማን ነው ልክ?”

እኔም “ወንድሜ፣ የተፈረፈረውን ጫማ ይዘህ ና” አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት መጣ፤ እጮኛውም አብራው መጣች። ኩርፊያው ገና አልለቀቃትም ነበር። ሦስታችንም ባጃጅ ይዘን ከዚራ ወረድን። እዚያ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ጫማ ሲጠግን ያረጀ አንድ ደንበኛ አለኝ። ሱቅ ገብቶ ሻጭ ከመጠየቅ በፊት ጫማ የሚጠግን ሰው መጠየቅ ይሻላል፤ ሻጭ ጫማን አዲስ ሆኖ ነው የሚያውቀው፣ ጠጋኝ ግን ሲሞት ያውቀዋል።

ሰውዬው ጫማውን ተቀብሎ አገላበጠው። “አቦ፣ ይሄ እኮ አንተ ሳትገዛው በፊት የሞተ ነው” አለ ለልጁ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ ግን የምሩን ነበር።

ሶሉ ፖሊዩሬቴን ከሚባለው፣ ቀላልና ለስለስ ያለ እግር ላይ የሚመች ነገር የተሠራ ነው። ይህ ሶል አዲስ ሲሆን እንደ ፍራሽ ነው፤ ግን አንድ ጠላት አለው፤ እርጥበት። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ውስጡን ይበላዋል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል። የሚገርመው፣ ጫማው ባይደረግም ይበላል፤ በካርቶን ውስጥ እንደ ተቀመጠ። ወበቅ ባለበት ወደብ መጋዘን ከርሞ፣ ከዚያ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሌላ ዓመት ቆይቶ፣ በመጨረሻ “አዲስ” ተብሎ ይሸጣል። ከውጭ ያብረቀርቃል፤ ጥቂት ሳምንት ሲረገጥ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ዋጋው ስድስት ሺህም ይሁን ስልሳ ሺህ ከዚህ አያድነውም። የጎማ ሶል ግን ከበድ ቢልም እንዲህ አይፈረፈርም።

“ታዲያ ስገዛ እንዴት አውቃለሁ?” አለ ልጁ። ሰውዬው አውራ ጣቱን ሶሉ ላይ ጫን አድርጎ አሳየው። ደህና ሶል ሲጫኑት ገብቶ ተመልሶ ይወጣል። የከረመው ምልክቱ ይቀርበታል፣ አንዳንዴ ያጣብቃል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይታያል። በብዙ ስኒከሮች ምላስ ላይ የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ የተመረተበትን ወርና ዓመት ትናገራለች። ሶሉ ለስላሳ ሆኖ ቀኑ ሦስትና አራት ዓመት ካለፈው “የድሮ ኦሪጅናል ነው” ሲሏችሁ አትደሰቱ። ለዚህ ዓይነት ጫማ የድሮ መሆን ምስጋና ሳይሆን በሽታ ነው።

እጮኛዋ ጣልቃ ገባች፤ “ስለዚህ ርካሹን መግዛት ነበረበት ማለት ነው?” አለች። እኔም “አይ እህቴ፣ ቆይ፤ ገና ምን አየሽና” አልኳት። ምክንያቱም ጥያቄው ውድ ወይስ ርካሽ አይደለም። ጥያቄው “በተጨመረው ብር ምን ተጨመረልኝ?” ነው። ይህን ለማወቅ ወደ ታይዋን ገበያ አመራን። ድሬን ለማታውቁ፣ ታይዋን ማለት ከስልክ እስከ ጫማ የሚደረደርበት ሰፊ ገበያችን ነው።

በሦስት ሱቆች ሦስት ጥቁር የሥራ ጫማዎች መረጥን። የመጀመሪያው ያው 8,500 የተባለው ባለ ስም ጫማ ነው። ሁለተኛው አገር ውስጥ የተሠራ፣ ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው፣ 4,200 ብር። ሦስተኛው ስም የሌለው የውጭ ዕቃ፣ 2,000 ብር። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ልዩነቱ ያለው በሦስት ቦታ ነው፤ በፊቱ፣ በስፌቱና በተረከዙ።

በፊቱ እንጀምር። እውነተኛ ቆዳ መሆኑን ብዙዎቻችን በሽታው እንፈትናለን። ይህ አያስተማምንም፤ የቆዳ ሽታ የሚረጭ ነገር አለ። በክብሪት እንፈትነው የሚሉም አሉ፤ ይኼማ ያልገዙትን ጫማ ማቃጠል ነው። ይልቅ የክሩ ቀዳዳ ያለበትን ጠርዝ ወይም የምላሱን ጫፍ ተመልከቱ፤ የተቆረጠው ቦታ እዚያ ይታያል። ቆዳ ከሆነ ጠርዙ እንደ ተበጠሰ ጥጥ ስልቻማ ጭረት አለው፤ ሥርዓት የለውም። ፕላስቲክ ከሆነ ላይ ላዩ ቀጭን ልባጥ ነው፣ ከሥሩ የተሸመነ ጨርቅ ይታያል። ከዚያ በጣታችሁ ጫን በሉት። ቆዳ ከጣታችሁ ዙሪያ ቀጫጭን መስመር አውጥቶ ይሸበሸባል፤ ልባጡ ግን ዝም ብሎ ይሰረጉዳል። ቀዳዳዎቹንም እዩ፤ እግዚአብሔር የፈጠረው ቆዳ ላይ ነጥቦቹ ወጥ አይሆኑም፣ ማሽን ያተመው ላይ ግን ተመሳሳይ ቅርጽ ይደጋገማል።

አንድ መካከለኛ አታላይ ደግሞ አለ። የቆዳው የላይኛው ጠንካራ ክፍል ለሌላ ተወስዶ፣ የቀረው የታችኛው ልል ክፍል በፕላስቲክ ተለብጦ ይሸጣል። ሻጩ “ቆዳ ነው፣ ወላሂ” ቢላችሁ አልዋሸም፤ ቆዳ ነው። ነገር ግን እግር በሚታጠፍበት ቦታ ልባጡ ይሰነጠቃል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚሸጥ ጫማ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ መመሪያ ይህን የሚለይ ምልክት ደንግጓል። የተዘረጋ ቆዳ ቅርጽ ካለ ቆዳ ነው። በዚያ ቅርጽ ውስጥ አልማዝ የመሰለ ምልክት ካለ የተለበጠ ቆዳ ነው። መረብ የመሰለው ጨርቅ ነው፤ አልማዙ ብቻውን ከሆነ ፕላስቲክ ወይም ሌላ ነገር ነው። ምልክቱ በሐሰት ሊታተም ይችላል፤ ስለዚህ ምልክቱን አይታችሁ ጠርዙን መመርመር አትተዉ።

የ8,500ው ጫማ ምልክት ምን ይመስላችኋል? ቆዳው ውስጥ አልማዝ! የ2,000ውማ ጠርዙ ላይ ጨርቁ በግልጽ ይታያል። የ4,200ው ግን ከፊቱ የከብት ቆዳ ነው፣ ገበሩም ቆዳ ነው። ይህ ለድሬ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ሙቀት ዘጠኝ ሰዓት የቆመ እግር ያልባል፤ የቆዳ ገበር ላቡን መጥጦ ማታ ይለቀዋል፣ ፕላስቲክ ገበር ግን እግርን በገዛ ላቡ ይቀቅለዋል። ጫማ ስታወልቁ ቤተሰብ የሚሰደደው ወዶ መሰላችሁ?

ሁለተኛው ስፌቱ ነው። ሶል ከጫማው ጋር የሚያያዘው አብዛኛውን ጊዜ ወይ በማስቲሽ ብቻ ነው፣ ወይ በማስቲሽና በክር ነው። በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ጥሩ ማስቲሽ በደንብ ከተሠራበት ይይዛል። ችግሩ ጥሩነቱን ከሱቅ ሆኖ ማየት አይቻልም። ክር ግን ይታያል። አምራቾቹም ይህን ስለሚያውቁ ሶሉ ዙሪያ የስፌት ቅርጽ ያትሙበታል፤ ከሩቅ የተሰፋ ይመስላል። ስለዚህ የውስጡን ንጣፍ በጥፍራችሁ አንሱና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከጎን የተሰፋ ሶል ከሆነ በውስጥ በኩል ዙሪያውን የክር መስመር ታገኛላችሁ። በእንዲህ ዓይነቱ ጫማ ከውጭ ስፌት ኖሮ ከውስጥ ከሌለ ሥዕል ነው የገዛችሁት። የ8,500ውን ንጣፍ ስናነሳ ንጹሕ ነው፤ ምንም ክር የለም። ሻጩ ፈገግ ብሎ “አቦ፣ ጫማ ነው የምትገዙት ወይስ ቀዶ ሕክምና ነው?” አለን። የ4,200ው ከዳር እስከ ዳር ክር አለው። ይህ ማለት የጎማ ሶሉ ሲያልቅ ጠጋኙ ፈትቶ ሌላ ሊሰፋበት ይችላል፤ ጫማው ሁለተኛ ዕድሜ አለው።

ሦስተኛው ተረከዙ ነው። የጫማውን ጀርባ በሁለት ጣት ቆንጥጡት። ውስጡ ተረከዝ የሚያቅፍ ጠንካራ ድጋፍ አለ፤ ደህና ከሆነ አይታጠፍም፣ ቢታጠፍም ቀጥ ይላል። ካርቶን ከሆነ ይጎብጥና እንደ ጎበጠ ይቀራል። ላብ ሲነካው ደግሞ እንደ ራሰ ብስኩት ይሟሟል፤ ከዚያ ጫማው ወደ ጎን ያዘማል፣ ሰውየውም አብሮ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁንና፣ የ8,500ው ተረከዝ በጣም ጥሩ ነበር፤ ከ4,200ውም ይሻላል። የ2,000ው ግን ገና ስንቆነጥጠው ተኛ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ቡና ቤት ተቀምጠን እጮኛዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች፤ የቤቱ ሒሳብ ያዥ እሷ ናት መሰለኝ። የድሮው ጫማ 6,500 ብር ሆኖ አምስት ወር ኖረ፤ በወር 1,300 ብር ማለት ነው። “የቤት ኪራይ እኮ ነው ያደረግኸው!” አለችው። የ2,000ው፣ ጠጋኙ እንደገመተው፣ በየቀኑ ለሚቆምበት ሰው አምስት ወር ቢኖር በወር 400 ይመጣል። የ4,200ው አንድ ጊዜ ሶል ለማስቀየር 800 ብር ተጨምሮበት ሁለት ዓመት ቢኖር 5,000 ለ24 ወር፣ ማለትም በወር 210 ብር አይሞላም። የወሩ ቁጥር ግምት ነው፤ አረማመድም ይለያያል። ግን ግምቱን በግማሽ ብትቀንሱት እንኳ፣ ዓመት ብቻ ቢኖር፣ በወር ከ420 ብር አይበልጥም፤ ከፕላስቲኩ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ እግር ግን ይተነፍሳል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከ2,000 ወደ 4,200 ስንወጣ የጨመርነውን 2,200 ብር በጣት እየጠቆምን መቁጠር እንችላለን፤ ይኸው ቆዳው፣ ይኸው ገበሩ፣ ይኸው ክሩ። ይህ የጥራት ዋጋ ነው። ከ4,200 ወደ 8,500 ስንወጣ የጨመርነው 4,300 ብር ነው፤ በጣት የምንጠቁመው ግን ተረከዙን ብቻ ነው፤ በቆዳውና በስፌቱ እንዲያውም ወደ ኋላ ሄደናል። የቀረው የስም ዋጋ ነው።

ሻጩን ስንጠይቀው አንድ ተጨማሪ ነገር ነገረን፤ እውነቱንም ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ከውጭ በመጣ ጫማ ላይ የምናየው ጭማሪ አንዳንዴ የጥራትም የስምም አይደለም፤ የዶላር ነው። ያው ጫማ፣ ያው ማስቲሽ፣ ዋጋው ብቻ ሌላ። “ድሮ በዚህ ዋጋ ስንት ጥሩ ነገር ይገዛ ነበር” ብሎ ዋጋን ከጥራት ጋር ማያያዝ ከዚያ ወዲህ የበለጠ ያሳስታል።

ስም ዓይንን እንዴት እንደሚጋርድ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፔይለስ የተባለ የአሜሪካ ርካሽ ጫማ ሻጭ በሎስ አንጀለስ አካባቢ አንድ የቅንጦት ሱቅ ተከራየና “ፓሌሲ” የሚል የጣልያን የሚመስል ስም ለጠፈበት። ከ20 እስከ 40 ዶላር የሚሸጠውን ጫማውን በመስታወት መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ የፋሽን ሰዎችን ጋበዘ። እነሱም “ቆዳው እንዴት ያምራል!” እያሉ እስከ 640 ዶላር ከፈሉ። በኋላ እውነቱ ተነግሯቸው ገንዘባቸው ተመለሰላቸው፤ ጫማውንም ወሰዱ። እነዚያ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ጠርዙን ሳይሆን ስሙን አይተው ነው።

ከእኛም ሩቅ አይደለም። ዱከም የሚገኘው ሁዋጂያን የጫማ ፋብሪካ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ጌስን ለመሳሰሉ የአሜሪካ ስሞች የሴት ጫማ ሠርቷል። የሰፋችው የእኛው አገር ልጅ ናት። ጫማው ባሕር ተሻግሮ ስሙ ሲታይ ዋጋው የሚያድገው እጇ ስለተለወጠ አይደለም።

ታዲያ ስም ምንም አይረባም ልበል? አልልም። ስም ዋጋ የሚኖረው እኔና እናንተ በጣታችን ልንፈትነው ለማንችለው ነገር ነው። ለምሳሌ ለሩጫ የሚሆን ጫማ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ስንት ሺህ እርምጃ እንደሚችል ከሱቅ ሆኖ አይታወቅም፤ ታላላቆቹ የስፖርት ጫማ ሠሪዎች በዚህ ላይ ብዙ ይደክማሉ። በየቀኑ የምትሮጡ ከሆነ እዚያ ላይ የምትከፍሉት ጭማሪ ግማሹ እውነት ነው። ግን ያው ኩባንያ ለመራመጃና ለማማር ብቻ የሚሠራውን ጫማ በሩጫው ዋጋ ሲሸጥላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ያ ስፖንጅ የለበትም፤ ዓርማው ብቻ ነው ያለው።

ደግሞም ስም ዋስትና የሚሆነው ስሙ እውነተኛ ሲሆንና ዕቃው ሲበላሽ የሚቀበል ሰው ሲኖር ነው። በእኛ ገበያ ዓርማው ለብቻው ተሰፍቶ የሚለጠፍበት ጫማ ሞልቷል፤ እሱ የስም ዋጋ ተከፍሎበት የስም ዋስትና የሌለው ነው፣ ከሁሉ የባሰው። ስለዚህ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ “በወሩ ሶሉ ቢለቅ ትቀይርልኛለህ? ደረሰኝህ ላይ ጻፍልኝ።” እኛ ጠየቅን። የ8,500ው ሻጭ “ኦሪጅናል ነው፣ አይለቅም” አለ፤ አልጻፈም። የ4,200ው ሻጭ ትንሽ አጉረመረመና “ሦስት ወር” ብሎ ጻፈ። እንግዲህ በዕቃው ላይ ማን እንደሚተማመን እናንተው ፍረዱ።

ልጁ የትኛውን እንደገዛ ገብቷችኋል። ከ5,000 ብሩ 800 ተረፈው፤ እሷን እጮኛዋ ተቀብላ “የሶል መቀየሪያ” ብላ በፖስታ አሸገችው። 7,000ው በዚያው ቀን ለቤቱ ባለቤት ተከፈለ። ኩርፊያው? እሱም ታይዋን ላይ ቀረ። በማግስቱ ልጁ ስልክ ደውሎ “አለቃዬ ጫማህ የየት አገር ነው? ብሎ ጠየቀኝ” አለኝ። “ምን አልከው?” ብለው፣ “ንጣፉን አንስቼ ክሩን አሳየሁት” አለኝ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ጫማችሁን አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ቸር ሰንብቱ!